የአያቴ የስፌት መኪና፦ ለጆሮ የተጻፈ ትረካ

አጎቴ ስለ ቤተሰባችን በጻፉት ማስታወሻ ደብተር ውስጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦

«ለሃያ ዓመት ያህል መኖሪያችን የነበረውንና ሦስታችንም የተወለድንበትን ቤት ለቅቀን በወጣንበት ዕለት ጠዋት፣ በጭነት መኪናው ላይ ቦታ በመጥፋቱ ምክንያት፣ እናታችን ልጆቿን ያሳደገችበትን የስፌት መኪና ደጅ ላይ ጥላ ለመሄድ ተገደደች።»

በወረቀት ላይ ሳነበው እወደዋለሁ። ቤቱ፣ ዓመቱ፣ ጠዋቱ፣ ጭነቱና የቦታው ጥበት አንዱ በሌላው ላይ ይደረደሩና መጨረሻ ላይ «ተገደደች» በሚለው ቃል ያርፋሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ የዘነጋ አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያነሣዋል። ነገር ግን የአክስቴ ልጅ የቤተሰባችንን ትዝታ 12 ደቂቃ በሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም ልታስቀምጠው ተነሣችና ከደብተሩ ላይ ትረካ እንዳወጣላት፣ በራሴም ድምፅ እንዳነበው ጠየቀችኝ። ፊልም የሚያይ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። ያመለጠው ቃል አመለጠው ማለት ነው፤ ያመለጠውን ለማስታወስ ሲሞክር ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውም ያመልጠዋል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ለጆሮ እስኪስማማ ድረስ የተለዋወጠበትን መንገድ እዚህ መጻፍ የፈለግኩት፣ ለማንበብ በሚጻፍና ለመስማት በሚጻፍ ነገር መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ሥራው የተጀመረው ደቂቃዎቹን በመከፋፈል ነው። ፊልሙ 12 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ አጎቴ፣ አክስቴና እናቴ በየራሳቸው ድምፅ የሚናገሩበት 5 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የአያቴ ድምፅ ያለበት አንድ አሮጌ ካሴት አለ፤ ከእርሱ የተመረጠው ክፍል 1 ደቂቃ ነው። ማንም ሳይናገር ምስልና የአካባቢው ድምፅ ብቻ የሚቀርብበት ጊዜ ደግሞ 2 ደቂቃ እንዲሆን ተስማማን። ለተራኪው የቀረው 4 ደቂቃ ነበር።

አራት ደቂቃ ስንት ቃል ይይዛል? እንግሊዝኛ ትረካ የሚጽፉ ሰዎች በደቂቃ 150 ቃል የሚል የተለመደ መለኪያ አላቸው። ያን ቁጥር እንዳለ አምጥቶ ለአማርኛ መጠቀም አይቻልም፤ የእኛ ቃል የሚሸከመው ብዙ ነውና። «ስላልነገሩኝ» አንድ ቃል ነው፤ ሆኖም ምክንያትን፣ አሉታን፣ ነጋሪዎቹንና የሚነገረውን ሰው አንድ ላይ ይዟል። ለመናገርም የዚያኑ ያህል ጊዜ ይወስዳል። የሚሻለው የራስን ንባብ መለካት ነው። ከረቂቁ ላይ አንድ ገጽ ወስጄ፣ ፊልሙ በሚፈልገው እርጋታ፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እየተነፈስኩ አነበብኩና ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 85 ቃል ያህል ሆነ። አራት ጊዜ 85 ደግሞ 340 ነው። በሰፊ መስመር ቢተየብ ሁለት ገጽ ብዙም አያልፍም። የአጎቴ ደብተር ስለዚያ ቤት ብቻ ከዚያ እጥፍ ድርብ ጽፏል።

የቃል ቆጠራ የማያሳየው አንድ ወጪም አለ፤ እርሱም ቁጥር ነው። «1967» በወረቀት ላይ አራት አኃዝ ነው፤ ኮምፒውተርም እንደ አንድ ቃል ይቆጥረዋል። ሲነገር ግን «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት» ነው፤ አምስት ቃል። ከዚህም በላይ አድማጩ ያን ዓመት ሲሰማ ማን ያን ጊዜ ስንት ዓመቱ እንደነበር በልቡ ማስላት ይጀምራል፤ እያሰላ ሳለም ትረካው ትቶት ይሄዳል። በትዝታ ፊልም ውስጥ ዓመተ ምሕረት ከሚነግረን ይልቅ የሰው ዕድሜ የሚነግረን ይበልጣል። «እናቴ ሰባት ዓመቷ ነበር» የሚለው ሐረግ ጊዜውንም፣ ያየውን ዓይን ቁመትም አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ ከስክሪፕቱ ውስጥ ዓመተ ምሕረት የሚባል ነገር በሙሉ ወጣ። የቀሩትን ጥቂት ቁጥሮች በፊደል ጻፍኳቸው፤ አንባቢው ማይክሮፎን ፊት ቁሞ «እንዴት ልጥራው?» ብሎ እንዳያመነታ።

ቦታው ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ ተራኪው ምን ብቻ ይበል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ፎቶግራፍ ነው። አያቴ በስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጠዋል፤ አንድ እጃቸው መዘውሩ ላይ ነው፤ የሚያዩት ግን ጨርቁን ሳይሆን ካሜራውን ነው። ፊልሙ ውስጥ ይህ ምስል ሳይንቀሳቀስ 8 ሰከንድ ይቆያል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ምንም ቢነገር ተመልካቹ አይሰማም፤ አዲስ ምስል ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ዓይን ነው። የቀረው 6 ሰከንድ በእኔ ንባብ ስምንት ቃል ቢይዝ ነው። እነዚያን ስምንት ቃላት «አያቴ ልብስ ሲሰፉ» ብሎ ማባከን አይገባም፤ ተመልካቹ ያየው ነውና። ፎቶግራፉ ሊናገር የማይችለው ከፍሬሙ ውጭ ያለውን ነው፤ ማን እንዳነሣው፣ ካሜራው ከየት እንደመጣ። ስለዚህ ትረካው እንዲህ ሆነ፦ «ፎቶግራፉን ያነሡት አጎቴ ናቸው። ካሜራው የሰው ነበር።» ሰባት ቃል ነው። የአያቴ ዓይን ለምን ወደ ካሜራው እንደዞረ አሁን ተመልካቹ ራሱ ያውቃል፤ የሚያዩት ልጃቸውን ነው።

ይህን የምፈትነው በቀላል መንገድ ነው። ምስሉን ዘግቼ ትረካውን ብቻ እሰማለሁ፤ ከዚያ ድምፁን ዘግቼ ምስሉን ብቻ አያለሁ። ሁለቱም ተመሳሳይ ነገር ከነገሩኝ ትረካው ይወጣል። ሁለቱ ምንም የማይገናኙ ከሆነም አይሠራም፤ ተመልካቹ ከሁለት አንዱን ይተወዋል፣ የሚተወውም ብዙውን ጊዜ የሚሰማውን ነው።

ወደ አጎቴ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የሚያስቸግረው ርዝመቱ ብቻ አይመስለኝም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ለቅቀን በወጣንበት»፣ «ቦታ በመጥፋቱ ምክንያት»፣ «ያሳደገችበትን» እያልን ስንሄድ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ገና አያውቅም፤ ሁሉንም በእጁ ታቅፎ «ተገደደች»ን ይጠብቃል። በዚህ ላይ የዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ «በመጥፋቱ ምክንያት»ን እና «ለመሄድ ተገደደች»ን የመሰለ የደብዳቤ ቋንቋ ይጠራል። ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስለ እናቱ ሲያወራ «ለመሄድ ተገደደች» አይልም። «ጥላው ሄደች» ነው የሚለው።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩን ፈታሁት፦

«ሦስቱም ልጆች የተወለዱት በዚህ ቤት ነው። ሃያ ዓመት ኖሩበት። አንድ ቀን ጠዋት መኪና መጣ። ዕቃው ተጫነ። ቦታው ሞላ። የስፌት መኪናዋ ደጅ ቀረች።»

አሁን ሁሉም ነገር ይሰማል፤ ነገር ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ እንደ ከበሮ ነው። አንድ ዓይነት ርዝመት ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች ሲከታተሉ ጆሮ ከትርጉሙ ይልቅ ምቱን መከተል ይጀምራል። «ለጆሮ ሲጻፍ አጭር ይሁን» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ብቻውን ሲወሰድ ግን ሕይወት የሌለው ትረካ ያመጣል። ሽማግሌዎች ተረት ሲነግሩን ዓረፍተ ነገራቸው አጭር አልነበረም፤ ረጅም ነበር፤ ግን አንዱም አልጠፋብንም። ምሥጢሩ የማያያዣው ዓይነት ላይ ነው። «ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ወጣ» ስንል እያንዳንዱ ቃል ያለቀ ድርጊት ነው። አድማጩ አንዱን አይቶ ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ይቀበላል፤ የሚሸከመው ነገር የለም። «የ»፣ «በ» እና «ስለ» እየተደራረቡበት የረዘመ ዓረፍተ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ምንም ነገር አያስቀምጥም። ስለዚህ የትረካዬን ረጅም ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው መንገድ ሠራሁት፦

«አንድ ቀን ጠዋት ዕቃው ከየክፍሉ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በገመድ ታስሮ ተጫነ።»

አሥር ቃል ነው፤ ከአጎቴ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ያንሳል፤ ግን ሲሰማ እንቅስቃሴ አለው። ከፊቱና ከኋላው አጫጭሮቹ ሲቀመጡ ንባቡ መተንፈስ ጀመረ።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገሮችን ነቀልኩ። አንደኛው «ነበር» ነው። ስላለፈ ነገር ስንጽፍ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» የመዝጋት ልማድ አለን። ዓይን አይሰለቸውም፤ ጆሮ ግን አምስተኛው «ነበር» ላይ ይደክማል። ያለፈ ጊዜ መሆኑ አንድ ጊዜ ከታወቀ «ወጣ»፣ «ተጫነ»፣ «ሄዱ» ይበቃል። ሁለተኛው «መኪና» ነው። የጭነት መኪናም የስፌት መኪናም በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ «መኪናዋ» ስል የትኛዋን እንደሆነ ጆሮ ለቅጽበት ይወዛገባል። አንባቢ ቢሆን ወደ ላይ አይቶ ይለየው ነበር። ከሁለቱ አንዱ መውጣት ነበረበት፤ የወጣው የጭነቱ ነው። «ዕቃው ተጫነ» ካልን መኪና መኖሩ ራሱ ይታወቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለእኔ ከሁሉ ያስደነቀኝ ነው፤ አማርኛ ስለ ቤተሰብ ሲናገር ሰሚው ሰዎቹን አስቀድሞ በማወቁ ላይ ምን ያህል እንደሚተማመን። «አያቴ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ተራ በሆነ ንግግር ይህን የሚለየው ግሡ ነው፤ ነገር ግን ለአያት አክብሮት ይገባል፣ በአክብሮት ጊዜ ደግሞ ግሡ «ሰፉ»፣ «ተናገሩ»፣ «ሄዱ» ስለሚሆን የወንድና የሴት ልዩነቱ ይጠፋል። በአጎቴ ደብተር ውስጥ ይህ ችግር አልነበረም፤ እርሳቸው ስለ እናታቸው ሲጽፉ «ጥላ ለመሄድ ተገደደች» ይላሉ፣ ለእናት አንቺ ማለት ቅርበት ነውና። የልጅ ልጅ ሆኜ ስተርከው ግን «ጥለው ሄዱ» ይሆናል። ይህች ትንሽ ለውጥ ሁለት ነገር አብራ ታመጣለች። የአያቴ ሴትነት ይጠፋል፤ በዚያ ላይ «ጥለው ሄዱ» የተባሉት አያቴ ብቻ ይሁኑ ቤተሰቡ ሁሉ አይለይም። አንድ ቤተሰባችንን የማያውቅ ሰው ረቂቁን አንብቤለት ከጨረስኩ በኋላ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «አያትህ ወንድ ናቸው ሴት?» የሚል ነበር። ምስሉን ስላላየ ነው ልንል እንችላለን፤ ሆኖም ፊልሙ ውስጥም ትረካው ከፎቶግራፉ የሚቀድምባቸው ቦታዎች አሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ሆን ተብሎ ካልተደረገ አይደረግም። በመጀመሪያው መጠሪያ ላይ «ሴት አያቴ» ተባሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ድርጊት በመጣ ቁጥር «አያቴ» የሚለው ስም ከግሡ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በፊት ተጠርቶ የተተወ ስም ለጆሮ የለም ማለት ነው። «አጎት» ከእናት ወገን ይሁን ከአባት ወገን ስለማይለይ፣ አጎቴና አክስቴ ሲገቡ «የእናቴ ታላቅ ወንድም» እና «የእናቴ እህት» ተብለው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ አጎቴና አክስቴ ብቻ ናቸው። እናቴን «እሷ» እላታለሁ፣ ሌሎቹን «እሳቸው»፤ በቤታችን የምንለው እንደዚያ ስለሆነ። አንድ ጊዜ ከተመረጠ ግን እስከ መጨረሻው መጽናት አለበት። በመሐል «አክስቴ መጣች» ቢባል ሰሚው ሌላ አክስት የገባች ይመስለዋል።

ፊደላችን የማይጽፈውም ነገር አለ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን። ዝም ብሎ ለሚያነብ ሰው ዐውዱ ይነግረዋል፤ ጮክ ብሎ ለሚያነብ ግን ዐውዱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ ካሴቱ የሚያሸጋግር አንድ መስመር ነበረኝ፤ «አያቴ አሉ» የሚል። «ሉ» ላልቶ ሲነበብ ተናገሩ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በሕይወት አሉ ማለት ነው። በሕይወት ስለሌሉ ሴት በሚተርክ ፊልም ውስጥ ይህን ለአንባቢው ምላስ ዕድል መተው አይቻልም። እንዲህ ያለው ቃል ከተገኘ መጀመሪያ የማስበው ቃሉን መለወጥ ነው፤ እዚህ ላይ «አያቴ ሲናገሩ እንዲህ ይሰማል» አልኩ። መለወጥ ካልተቻለ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያደርጉት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዓረፍተ ነገሩ ሲጠራ «የስፌት መኪናዋ ደጅ ቀረች» የሚለው መስመር የትረካው ምርጥ መስመር መሰለኝ። አጭር ነው፣ ይሰማል፣ ያማል። እርሱንም ማውጣት ነበረብኝ።

ምክንያቱ ቃለ መጠይቆቹ ውስጥ ነው። አጎቴ የዚያን ጠዋት ነገር ሲናገሩ፣ ቦታው ሞልቶ መኪናዋ ደጅ ስትቀር በዓይናቸው አይተዋል። አክስቴ ግን መኪናዋ ከዚያ ሳምንት በፊት ተሸጣ እንደነበር፣ ገንዘቡም ለመጓጓዣው እንደተከፈለ ይናገራሉ። እናቴ ደግሞ አያቴ መኪናዋን ለጎረቤት ሴት ሲሰጡና ሁለቱ ሲተቃቀፉ ታስታውሳለች። ሦስቱም ያንኑ ጠዋት በዚያው ደጅ ነበሩ። ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው። የተራኪ ድምፅ በፊልም ውስጥ ልዩ ሥልጣን አለው፤ ፊቱ ስለማይታይ፣ ስሜቱ ስለማይወዛወዝ፣ ከሁሉ በላይ ሆኖ ስለሚሰማ ተመልካቹ የሚለውን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበላል። ተራኪው «ደጅ ቀረች» ካለ በኋላ አክስቴና እናቴ ቢናገሩ፣ ተመልካቹ የሚያየው የተሳሳቱ ሁለት ሴቶችን ነው። በአንድ መስመር ለአጎቴ ፈርጄላቸው ነበር ማለት ነው፤ ለዚያውም ያልነበርኩበትን ጠዋት።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የትረካ መስመር በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ማን እንዳየው መጻፍ ጀመርኩ። ፎቶግራፉን ማን አነሣው? አጎቴ ናቸው፤ ሌሎቹም ያውቃሉ፤ ተራኪው ሊናገረው ይችላል። ልጆቹ በዚያ ቤት ተወለዱ፤ ክርክር የለበትም፤ ተራኪው ይናገረዋል። መኪናዋ ደጅ ቀረች፤ የአጎቴ ብቻ ነው፤ እንግዲያው አጎቴ ራሳቸው ይናገሩት። አንድ መስመር ከአንድ ምስክር ብቻ ሲመጣ ወይ በምስክሩ አፍ ይነገራል፣ ወይ «አጎቴ እንደሚሉት» ተብሎ ስሙን ይዞ ይገባል። ሦስቱ ታሪኮች የሚገናኙበትን ቦታ ስፈልግ አንድ ነገር አገኘሁ፤ መኪናዋ ከዕቃው ጋር አልተጫነችም። ይህን የሚክድ የለም። ተራኪው ማለት የሚችለው ይህን ነው፤ ደግሞም ከቀደመው መስመር ይልቅ ጥያቄ ይከፍታል።

በአያቴ ልብ ውስጥ ስለነበረው ነገርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አያቴ በልባቸው አለቀሱ» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ሙዚቃ ሲታከልበትም ይሠራል። ማን አየ? የሞተ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ የሚናገር ተራኪ የማያውቀውን እየተናገረ ነው፤ ቤተሰቡ ፊልሙን ሲያይ ደግሞ ያውቅበታል። ሦስቱም ልጆች ሳይጠያየቁ የነገሩን አንድ ነገር አለ፤ አያቴ በጉዞው ሁሉ ቃል አለመናገራቸው። ይህ ሊታይ የሚችል፣ ሦስት ሰዎች ያዩት ነገር ነው። ስለ ኀዘናቸው የምለው ይኸው ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ ያ የደብተር ዓረፍተ ነገር በስክሪፕቱ ላይ እንዲህ ተጻፈ። በቅንፍ ያለው አይነበብም፤ ለእኔና ለአቀናባሪዋ ነው።

(ፎቶግራፉ ይገባል፤ 2 ሰከንድ ዝምታ)
ፎቶግራፉን ያነሡት አጎቴ ናቸው። ካሜራው የሰው ነበር።

(ምስሉ ቀስ ብሎ ወደ እጃቸው ይጠጋል፤ 3 ሰከንድ)
ሴት አያቴ በዚህች የስፌት መኪና ሦስት ልጆች አልብሰው አሳደጉ።

(ቤቱ፣ ዛሬ፣ ከውጭ)
ሦስቱም የተወለዱት በዚህ ቤት ነው።
አንድ ቀን ጠዋት ዕቃው ከየክፍሉ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በገመድ ታስሮ ተጫነ። እናቴ ሰባት ዓመቷ ነበር።

(1 ሰከንድ)
የስፌት መኪናዋ አልተጫነችም።
ለምን እንደሆነ ሦስቱ ልጆች ሦስት ነገር ያስታውሳሉ።

(አጎቴ፤ አክስቴ፤ እናቴ፤ በድምሩ 50 ሰከንድ ያህል)
አንድ ነገር ላይ ግን ይስማማሉ። አያቴ በመንገዱ ሁሉ አልተናገሩም።

(4 ሰከንድ ያለ ትረካ፤ ከዚያ ካሴቱ)

የመስመሮቹ አሰባበር የግጥም አይደለም፤ የትንፋሽ ነው። አንድ መስመር በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ መሆን አለበት። ነጠላ ሰረዝም ለሰዋስው ሲባል አልተቀመጠም፤ ድምፅ በእውነት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። «ሃያ ዓመት ኖሩበት» የሚለው መስመር መውጣቱን ያስተዋለ ይኖራል። አጎቴ በቃለ መጠይቃቸው ራሳቸው ይሉታል፤ ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልግም።

ወደ ካሴቱ ስንመጣ ተራኪው ሊያደርገው የሚገባው ትልቁ ነገር ቀድሞ ዝም ማለት ነው። የአሮጌ ካሴት ድምፅ ሻካራ ነው፤ ከጀርባው ሹክሹክታ የመሰለ ጩኸት አለ፣ ድምፁም ከእኔ ጥርት ያለ ቀረጻ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። የተራኪው ቃል አልቆ ወዲያው ቢገባ ተመልካቹ የመጀመሪያዎቹን ቃላት አይይዝም፤ ጆሮ ከአንዱ የድምፅ ዓይነት ወደ ሌላው ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል። አራቱ ሰከንድ ለዚህ ነው። በእነርሱ ውስጥ የካሴቱ ጩኸት ብቻ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ አያቴ አፋቸውን ሲከፍቱ ጆሮ ደርሷል። ጩኸቱን በኮምፒውተር አጥርቶ ማጥፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን አብዝተው ሲያጠሩት የሰው ድምፅ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ጥቂቱን ቀንሰን የቀረውን ተውነው። አንዲት የማትሰማ ቃል ስላለች በጽሑፍ ከታች ወጣች። እኔ ደግሜ እንድናገራት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የአያቴ ቃል በእኔ ድምፅ ሲደገም የእርሳቸው ድምፅ ማስረጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል ብዬ ተከራከርኩ።

ቀረጻው ራሱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። መጀመሪያ በስልክ ለሙከራ ብቻ አነበብኩና የአክስቴ ልጅ ምስሉ ላይ አስቀመጠችው፤ የሰከንዶቹ ነገር የተስተካከለው በዚያ ላይ ነው። ትክክለኛው ቀረጻ የተደረገው መጋረጃና ልብስ በሞላበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ባዶ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል። ማይክሮፎኑ ከአፌ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ዞረ፤ «በ» እና «ፐ» የሚገፉት ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው። ገጾቹ በአንድ ወገን ብቻ ታተሙ፤ አንድም ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አልተሻገረም፤ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማልና። ከንባቡ በኋላም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ቀዳን። በመስመሮች መካከል የሚጨመረው ዝምታ ከዚያ ይወሰዳል፤ ፍጹም ባዶ ድምፅ ቢገባ ተመልካቹ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል።

ሲነበብ ደግሞ የሚፈለገው ሰውን እያዩ መናገር ነው። የአክስቴን ልጅ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳትና ለእሷ ነገርኳት። ለማያውቀው ሕዝብ የማነብ በመሰለኝ ጊዜ ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ከፍ ይልና የመጨረሻዋን ቃል ይጫናል፤ «አልተናገሩም» ሲጫኑት ክስ ይመስላል። ዝቅ ብሎ ሲወርድ ግን የሆነውን ብቻ ይናገራል።

ፊልሙ ከመዘጋቱ በፊት ሦስቱም አዩት። አጎቴ የደብተራቸው ዓረፍተ ነገር የት እንደገባ ጠየቁ፤ በእርሳቸው ድምፅ «ደጅ ቀረች» ሲሉ ያለችበትን ቦታ አሳየናቸው፤ ተስማሙ። አክስቴ ስለ ገንዘቡ ከተናገሩት አንዲት ሐረግ እንድትወጣ ፈለጉ፤ ወጣች። ሐረጓ በመውጣቷ ቀጥሎ ያለው የእኔ መስመር ቀድሞ ስለሚመጣ «አንድ ነገር ላይ ግን ይስማማሉ» የሚለውን እንደገና መቅዳት አስፈለገ። በሌላ ቀን የተቀዳ አንድ መስመር ብቻውን ሲገባ ይታወቃል፤ ድምፅ በጠዋትና በማታ አንድ አይደለም፣ የማይክሮፎኑ ርቀት በጣት ቢለወጥም ይሰማል። ስለዚህ ወደዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ተመልሰን፣ ርቀቱን በስንዝር ለክተን፣ ከመስመሩ በፊትና በኋላ ያሉትንም አብሬ አነበብኩ፤ አቀናባሪዋ ከሦስቱ መካከለኛውን ወሰደች።